ከ«እለምናለሁ» እስከ «አሳውቃለሁ»
የአንዲት ነርስ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ እንዴት ተስተካከለ?

መምህር የሆነ ሰው ከክፍል ሲወጣም እርማት አይቀርለትም። ጎረቤቱ ማመልከቻ፣ የተማሪ ወላጅ ደብዳቤ ይዞበት ይመጣል። ባለፈው ሰሞን ከእጩ መምህራን ጓደኞቻችን የአንዱ ታላቅ እኅት ለእኛ ይዛ የመጣችው ግን ትንሽ ያከራከረን ነበር። በአዲስ አበባ በአንድ የግል ሆስፒታል ነርስ ናት። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ስላገኘች ሥራዋን ልትለቅ ነው። ረቂቋ እንዲህ ይላል፦

«እኔ አመልካች በድርጅታችሁ ላለፉት አራት አመታት በነርስነት ስሰራ የቆየሁኝ ሲሆን፣ የትምህርት እድል ስላገኘሁኝና መማር ስለፈለኩኝ፣ የአዳር ተራም እየበዛብኝ ማንም ስላልሰማኝ፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ ለትምህርት እንድሄድ እንዲፈቀድልኝ ከእግርዎ ስር ወድቄ እለምናለሁ።»

አንዳችን ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ «አመታት» የሚለው ላይ ወረደ። ቆይ፣ ፊደሉ ይደርሳል አልነው። በአማርኛ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ ነውና መጀመሪያ መጨረሻውን እንይ። «እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ» ያለ ሰው ውሳኔውን ለሌላ ሰጥቷል። አስተዳደሩም ወረቀቱን አስቀምጦ «ገና አልወሰንንም» ቢላት ምን ትመልሳለች? ይባስ ብሎ «ለትምህርት እንድሄድ እንዲፈቀድልኝ» የሚለው የትምህርት ፈቃድ ጥያቄ ይመስላል። ተምራ የምትመለስ እንጂ የምትለቅ መሆኗን የሚናገር አንድም ቃል የለበትም!

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ፈቃድ መለመን፣ ምክንያት መደርደር አይጠበቅበትም። ስለዚህ ግሡ «አሳውቃለሁ» ሆነ። (የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነውና እኛ የነገ መምህራን የራሳችንን እንይ።)

ይህ እንደ ተስተካከለ ቀኑ ጉድ አፈላ። ደብዳቤው የሚገባው ነሐሴ 20 ቀን 2017 ነው፤ እሷ ግን «ከመስከረም 1 ጀምሮ» ብላለች። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ከነሐሴ 20 በኋላ 30 ቀን ሲቆጠር መስከረም 20 የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጳጉሜን ረስቶ ነው። ከነሐሴ 10 ቀን፣ ከጳጉሜ 5 ቀን፣ ከመስከረም 15 ቀን፤ ማስጠንቀቂያው የሚያልቀው መስከረም 15 ነው። ሳትሞላው ብትሄድ ከ30 ቀን ደመወዝ የማይበልጥ ካሣ ልትጠየቅ ትችላለች። ደግነቱ ትምህርቱ የሚጀመረው በጥቅምት ነው።

ከዚያ ወደ ቃናው መጣን። የአዳር ተራውን ነገር እናውጣው ስንላት «እውነት እኮ ነው!» ብላ ተቆጣች። እውነትነቱን አልካድንም። ግን ይህ ወረቀት በግል ማኅደሯ ውስጥ ይቀመጣል፤ ነገ አዲስ አሠሪ ስለ እሷ ሲጠይቅ የሚገለጠው እሱ ነው። ቅሬታዋን ከፈለገች ለብቻው ትጻፈው። «ከእግርዎ ስር ወድቄ» የሚለውም አብሮ ወጣ። ትሕትናዋን በተግባር ታሳይ ብለን በምትኩ ርክክብን አስገባን።

ሰዋስው ላይ የቀረን ጥቂት ነበር። «ቆየሁኝ»፣ «አገኘሁኝ» ላይ ያለው «ኝ» የአፍ ልማድ ነው፤ በጽሑፍ «ቆየሁ»፣ «አገኘሁ» ይበቃል። «ሰጠኝ» ላይ ያለው «ኝ» ግን ተቀባዩን ያመለክታልና አይነካም። «ፈለኩ» ጆሮ የሚሰማው ነው፤ ግሡ «ፈለገ» ስለሆነ ሲጻፍ «ፈለግሁ» ይሆናል። «በድርጅታችሁ» ብሎ ጀምሮ «ከእግርዎ» ማለትም ብዙውን ሰው አንድ ማድረግ ነው፤ «ሆስፒታሉ» ብለን ገላገልነው። ሥራ በ«ሥ»፣ ዓመት በ«ዓ»፣ ዕድል በ«ዕ» ተጻፉ። አንዱ ረጅም ዐረፍተ ነገርም አራት ቦታ ተቆረጠ፦

«ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለሆስፒታሉ የሰው ኃይል አስተዳደር
ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ስለ መስጠት

በሆስፒታሉ በነርስነት አራት ዓመት አገልግያለሁ። አሁን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ዕድል ስላገኘሁ ሥራዬን በፈቃዴ የምለቅ መሆኔንና የመጨረሻ የሥራ ቀኔ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑን አሳውቃለሁ። እስከዚያ ድረስ በእጄ ያለውን ሥራና ንብረት ለሚተካኝ ባልደረባ አስረክባለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃዬና ያልወሰድሁት የዓመት ፈቃድ ክፍያ እንዲዘጋጅልኝ እየጠየቅሁ፣ በሥራዬ ላይ ላገኘሁት ልምድ አመሰግናለሁ።»

«እየጠየቅሁ» የሚለውን አይታ «ይኸው ልመና ገባ አይደል?» ብላ ሳቀችብን። ማስረጃውና ክፍያው ከአሠሪው እጅ የሚወጣ ስለሆነ መጠየቁ ቦታው ነው አልናት።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተገለበጠ። አንዱን መዝገብ ቤት ትሰጣለች፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጋ ለራሷ ታስቀራለች። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ወረቀቱ ከተሰጠበት ዕለት ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን እንጂ ከተጻፈበት ስላልሆነ፣ መዝገብ ቤቱ ነሐሴ 22 የሚል ማኅተም ከመታበት የመጨረሻው ቀን መስከረም 17 ተብሎ መታረም አለበት።