እጅ የሰጠ ሰው አደራ ነው

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 1944 ሦስት የተማረኩ የእንግሊዝ አየር ኃይል አባላት በጀርመኗ ኤሰን ከተማ ከአንድ የጦር ሰፈር ወጡ። ለምርመራ ወደ ሌላ የአየር ኃይል ክፍል እንዲወሰዱ ያዘዘው ሻምበል ኤሪክ ሄየር ሲሆን፣ ኮኔን የሚባል ወታደር አጀባቸው። ሻምበሉ ግን ሌላም ነገር ተናገረ። ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ እየሰማ፣ ሰዉ በምርኮኞቹ ላይ እጁን ቢያነሣ ጣልቃ እንዳይገባ አጃቢውን አዘዘው። ሊገደሉ እንደሚገባም ተናገረ።

ኤሰን በቦምብ የተደበደበች ከተማ ናት፤ ሕዝቡም ቂም ይዟል። ምርኮኞቹ መንገድ እንደ ጀመሩ ሕዝቡ ከበባቸው። ዱላና ድንጋይ ዘነበባቸው፤ አንድ የበታች ሹም ሽጉጥ ተኩሶ አንዱን ራሱ ላይ አቆሰለው። ድልድይ ላይ ሲደርሱ ሦስቱንም ወደ ታች ወረወሯቸው። አንዱ በውድቀቱ ሞተ። የተረፉትን ሁለቱን ደግሞ ከላይ በተተኮሰ ጥይትና ከታች በድብደባ ጨረሷቸው። አጃቢው ያን ሁሉ ቆሞ አየ።

የጦርነት ሕግ ይህን እንዴት ያየዋል? በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛ በማንኛውም ጊዜ ከጥቃት፣ ከስድብና ከሕዝብ መሳለቂያነት እንዲጠበቅ ያዛል። ብቀላንም በግልጽ ይከለክላል። በ1949 የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነትም በ13ኛው አንቀጹ ይህንኑ ደግሞታል። ምርኮኛው ከመያዙ በፊት የጦር ወንጀል ፈጽሞ ከሆነ ሊከሰስ ይችላል፤ የሚቀጣው ግን ዳኛ እንጂ መንገድ ላይ የተሰበሰበ ሰው አይደለም። እጅ ከሰጠበት ሰዓት ጀምሮ የማረከው መንግሥት አደራ ነው።

ሰላማዊውን ሰውም ሕጉ ይጠብቀዋል፤ በውጊያው በቀጥታ እስካልተሳተፈ ድረስ ዒላማ ሊያደርገው የሚችል የለም። ይህ ጥበቃ ግን ምርኮኛን የመግደል ፈቃድ አይሆንለትም። የልብስ ነገር አይደለም፤ መለዮ ያልለበሰ ሰውም የጦር ወንጀል ሊፈጽም ይችላል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በዲሴምበር 1945፣ ሰባት ሰዎች እዚያው ኤሰን ውስጥ በእንግሊዝ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሁለቱ ወታደሮች፣ አምስቱ ሲቪሎች ነበሩ። በእንዲህ ያለው ፍርድ ቤት የሚፈርዱት መኮንኖች ናቸው። ተከሳሾች ጠበቃ ይቆምላቸዋል፤ ምስክር ይሰማል፤ ቅጣቱም የሚጸናው ሥልጣን ያለው የበላይ አዛዥ ሲያጸድቀው ነው።

አስቸጋሪው ጥያቄ፣ ከብዙ እጅ መካከል የገደለው የማን እጅ ነው የሚለው ነበር። ዓቃቤ ሕጉ የገዳዩን ምት ለይቶ ማሳየት አላስፈለገውም። ክሱ የሚለው «በግድያው ውስጥ እጃቸው አለበት» ነውና። ስለዚህ ሻምበሉ ሕዝቡን ካነሣሣ በኋላ፣ ወዶ ምርኮኞቹን ያጠቃ ሰው ሁሉ በግድያው ተካፋይ ነው ተባለ።

ፍርዱ ግን ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አልወቀጠም። ሄየር ማንንም በእጁ አልነካም፤ በአንደበቱ በመቀስቀሱ በስቅላት እንዲቀጣ ተፈረደበት። ኮኔን ታዝዤ ነው የሚለው መከላከያ አላዳነውም። የአጃቢ ሥራ ምርኮኛው እንዳያመልጥ መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ጥቃት እንዳይደርስበትም መከላከል ነው። ይህን ባለማድረጉ አምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከሲቪሎቹ አንዱ ሞት፣ አንዱ የዕድሜ ልክ እስራት፣ አንዱ አሥር ዓመት ሲፈረድባቸው፣ ሁለቱ በነፃ ተሰናበቱ። የጋራ ቁጣ ነበር፤ ፍርዱ ግን በየሰው ነው የተሰጠው።

ይህ አሠራር ድክመት ነበረው፤ ድል አድራጊው የተሸነፈውን ብቻ ከሰሰ። ዛሬ የጄኔቫ ስምምነቶች እያንዳንዱ አገር የራሱንም ወታደር እንዲጠይቅ ያስገድዳሉ። ኢትዮጵያም ስምምነቶቹን በ1969 አጽድቃለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጓም በሰላማዊ ሰዎች ላይ የሚፈጸመውን የጦር ወንጀል በአንቀጽ 270፣ በምርኮኞች ላይ የሚፈጸመውን በአንቀጽ 272 ይደነግጋል።

የኤሰኑ የክስ ወረቀት ሟቾቹን በስም አይጠራም። «ማንነታቸው ያልታወቀ ሦስት የአየር ኃይል አባላት» ይላል። ለፍርዱ ስማቸው አላስፈለገም፤ ምርኮኛ መሆናቸው በቂ ነበር።