«ሙድ» እንዴት ሰፋ፣ እንዴትስ ከፋ?

የአራዳ ቃላትን ዝርዝር የሚያዘጋጁ ብዙ ናቸው። አብዛኛው ዝርዝር በአንድ መልክ የተሠራ ነው፤ በግራ ቃሉ፣ በቀኝ ፍቺው። «ጨላ፦ ገንዘብ»፣ «ጀለስ፦ ጓደኛ»፣ «ሙድ መያዝ፦ ማሾፍ»። ለሰፈሩ አዲስ ለሆነ ሰው ይጠቅማል። ቃሉ ትናንት ምን ይል እንደነበር፣ ማን ሲለው እንደሚያስቅ፣ ማን ሲለው ደግሞ እንደሚያስቀይም ግን ከዝርዝሩ አናገኝም። የወጣት ቋንቋ ደግሞ ቶሎ የሚያልፈው በዚሁ በኩል ነው። ቃሉ ከአፍ ሳይጠፋ ትርጉሙ ይሄዳል።

ዛሬ «ሙድ»ን ብቻ ይዤ ይህን ላሳያችሁ። ቃሉ በአንድ በኩል ትርጉሙ ሰፍቷል፣ በሌላ በኩል ከፍቷል። ሁለቱ የተለያዩ ለውጦች ናቸው፣ የሚመዘገቡበትም መንገድ ይለያያል።

መስፋቱ

«ሙድ» ከእንግሊዝኛ የገባ ነው፣ መነሻውም የሰው ውስጣዊ ስሜት ነው። «ዛሬ ሙዴ ጥሩ አይደለም» ሲባል የሙዱ ባለቤት ሰው ነው። «የሰርጉ ሙድ አሪፍ ነበር» ሲባል ባለቤቱ ሰው መሆኑ ቀርቶ ዝግጅት ሆነ። «ሙድ ያለው ጫማ» ሲባል ደግሞ እቃ ሆነ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ስሜት መሆኑም ቀርቶ አምሮ መታየት፣ ለየት ማለት ሆኗል።

ይህን በግምት መናገር አያስፈልግም፣ የሚያጣራ ቀላል ፈተና አለ። «ሙድ»ን አውጡና «ስሜት»ን አስገቡበት። «ዛሬ ስሜቴ ጥሩ አይደለም» ይሄዳል። «የሰርጉ ስሜት አሪፍ ነበር» ትንሽ ይጎረብጣል፣ ግን ይገባል። «ስሜት ያለው ጫማ» ብትሉ ማንም አይረዳችሁም። ቃሉ ከመነሻው የተላቀቀው ሦስተኛው ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ «ሙድ» በሚል አንድ መዝገብ ሥር ሦስት ፍቺ መጻፍ አለብን፣ እያንዳንዱም የራሱን ምሳሌ ይፈልጋል። የሰፋ ቃል የቀድሞ ትርጉሙን አይጥልም። ያቺው ልጅ ጠዋት ስለ ጫማ፣ ማታ ስለ ልቧ «ሙድ» ልትል ትችላለች።

መክፋቱ

አሁን «ሙድ ያዘብኝ»ን እንይ። አሾፈብኝ፣ አላገጠብኝ ማለት ነው። ብዙ ሰው «ሙድ የሚለው ቃል መጥፎ ትርጉም አመጣ» ይላል፤ «ሙድ» ግን ብቻውን ሲሆን ምንም አልከፋም፣ ከላይ እንዳየነው ስለ ሰርግና ስለ ጫማ ሲነገር እንዲያውም ምስጋና ነው። ክፋቱ የተቀመጠው ሌላ ቦታ፣ «ያዘብኝ» ውስጥ ባለችው «ብ» ላይ ነው።

አማርኛ ይህችን «ብ» ጉዳት ለደረሰበት ሰው ያውላታል። «ፈረደብኝ» እና «ፈረደልኝ»፣ «መሰከረብኝ» እና «መሰከረልኝ» የሚለያዩት በዚህች ፊደል ነው፤ «ብ» ስትሆን ተጎዳሁ፣ «ል» ስትሆን ተጠቀምኩ። «ሙድ» የሚባለው እንግዳ ቃል ከአማርኛ ግስ ጋር ሲጣመር የአማርኛው ሰዋስው ጉዳቱን ጨመረለት። ስለዚህ ሁለተኛውን ፈተና እዚህ ላይ እናድርግ፦ «ብ»ን በ«ል» ለውጡ። «ሙድ ያዘልኝ» ለሚለው ሰዎች ፊታቸውን ከቋጠሩ ወይም «እንዲህ አይባልም» ካሉ፣ አነጋገሩ በመጥፎ ጎኑ ረግቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ፈተና ከቃሉ የተወለዱ ቃላትን መፈለግ ነው። «የሰው ሙድ መያዣ አደረጉኝ» የሚል ሰው መሳለቂያ ሆንኩ ማለቱ ነው። «ሙድ መያዣ» በደግ ትርጉም ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። አንድ አነጋገር የራሱን ስም ከወለደና የተወለደውም ስም መጥፎውን ትርጉም ብቻ ከወረሰ፣ መክፋቱ የአንድ ሰሞን ቀልድ አይደለም።

ክፋቱ ግን ልክ አለው። በእኩዮች መካከል «ሙድ እየያዝክብኝ ነው?» ተብሎ እየተሳቀ ሊነገር ይችላል። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ተማሪ ለአስተማሪው ቢለው ክስ ነው። ስለዚህ «ይህ ቃል ስድብ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ማን ለማን እንዳለው አብሮ መመዝገብ አለበት።

አንድ ትውልድ እንዴት ይለካል?

በቤታችን ሦስት ዕድሜ አለ፤ አክስቴ፣ እኔና የእህቴ ልጅ። ሦስቱንም ዓረፍተ ነገሮች ለየብቻ አነበብኩላቸው። አክስቴ «ሙዴ ጥሩ አይደለም» የሚለውን ተቀበለች፣ «ሙድ ያለው ጫማ» የሚለውን ግን «ጫማ ምን ሙድ አለው?» ብላ መለሰችልኝ። እኔ ሁሉንም እረዳለሁ፣ የመጨረሻውን ግን ራሴ አልናገረውም። የእህቴ ልጅ ሦስቱንም ትናገራለች። ከአንድ ቤት ስለ ከተማ መደምደም አይቻልም፤ ግን ልብ በሉ፣ «እረዳለሁ» እና «እናገራለሁ» ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው፣ ለየብቻ መጻፍ አለባቸው።

ዕድሜን እንዲህ ማወዳደር አንድ ወጥመድ አለው። ወጣቱ የሚለውንና አዛውንቱ የማይለውን ስናይ «ቋንቋው ተለወጠ» እንላለን። ግን ወጣት ሳሉ ብቻ የሚነገሩ፣ ሰው ሲያገባና ሥራ ሲይዝ የሚተዋቸው ቃላትም አሉ። በእነዚህ ላይ የሚለወጠው ተናጋሪው ነው፣ ቋንቋው እንዳለ ነው። ሁለቱን ለመለየት የጊዜ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ለአዲስ አበባ ሁለት የታተሙ ማነጻጸሪያዎች አሉን። ተሾመ ደምሴና ላዮኔል ቤንደር በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ አዲስ አበባ ላጤ ሴቶች የምስጢር አነጋገር ጽፈዋል። አንድሪያ ሆሊንግተን በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ «ያራዳ ቋንቋ» አሳትማለች። በሁለቱ መካከል አንድ ትውልድ አለ። የያዛችሁት ቃል በሁለቱም ውስጥ በተለያየ ትርጉም ከተገኘ ጥሩ ማስረጃ አላችሁ። በመጀመሪያው ከሌለ ግን «ያኔ አልነበረም» አትበሉ፤ ጥናቱ የአንድን ወገን አነጋገር ነው የያዘው።

ሌላው የጊዜ ማስረጃ ከአገር የወጣ ሰው ነው። በወጣትነቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ዋሽንግተን ዲሲ የተቀመጠ ሰው የጊዜውን የአራዳ አነጋገር ይዞ ነው የሄደው፣ አዲሱ ትርጉም የሚደርሰው በስልክና በቪዲዮ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስትጠይቁ የወጣበትን ዓመትና በየስንት ጊዜው እንደሚመለስ አብራችሁ ጻፉ። በየክረምቱ የሚመጣ ሰው የድሮውን ብቻ አይነግራችሁም።

ካርዱ

ለእያንዳንዱ የሰማችሁት ዓረፍተ ነገር አንድ ካርድ ያዙ። ሲሞላ እንዲህ ይመስላል፦

▪️ የተባለው፦ «እንዴ፣ የሰው ሙድ መያዣ አደረጋችሁኝ እኮ!»
▪️ ተናጋሪ፦ ሴት፣ 19 ዓመት፣ አዲስ አበባ ያደገች
▪️ ለማን፦ ለክፍል ጓደኞቿ
▪️ የትና መቼ፦ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ጥር 2016
▪️ ምን ሆኖ፦ ፎቶዋን ለሌላ ሰው አሳይተው ሲስቁ
▪️ ሁኔታዋ፦ አልሳቀችም
▪️ በራሷ አባባል፦ «ማላገጫ ማለቴ ነው»

ስም የለም፣ ስልክም የለም። ዓረፍተ ነገሩ እንደተባለ ይጻፋል፤ «አስተካክዬ» የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። በጣም የሚጠቅሙት የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ናቸው። መክፋትን የምናውቀው ከተናጋሪዋ ሁኔታና በምትኩ ከምትሰጠን ቃል ነው። «ቀልድ» ብትል ኖሮ ካርዱ ሌላ ፍቺ ሥር ይገባ ነበር። «ቃሉ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ደግሞ አትጠይቁ፣ ሰው እንደ መዝገበ ቃላት አጽድቶ ይመልስላችኋል። «አሁን ያልሽውን በሌላ አባባል ብትዪው?» በሉ።

ከቴሌግራም መልቀም

የራሳችሁን ቻናል ወይም አባላቱ የፈቀዱላችሁን ግሩፕ በኮምፒውተር ቴሌግራም `Export chat history` ብላችሁ በ`JSON` ብታወጡት `result.json` የሚባል ፋይል ይሰጣችኋል። እያንዳንዱ መልእክት ቀን አለው፣ ለእኛ ዋናው ይህ ነው።

ችግሩ ፍለጋው ላይ ነው። «ሙድ» ብላችሁ ብትፈልጉ «መሐሙድ» የሚባሉ ሰዎች ሁሉ ይመጣሉ። ይህ ፓይተን ላይ የሚሠራ የፍለጋ ቅጥ ከፊቱ ሌላ ፊደል ያለበትን ይጥላል፣ «በሙድ»፣ «የሙድ» የመሳሰሉትን ግን ይይዛል፦

```
(?<![ሀ-ፚ])[በለከየ]?ሙ[ድዴዱዳ]\w*
```

ቢሆንም «ሙዳይ»ን እና «ሙዳ ሥጋ»ን ይዞ ይመጣል፣ እነሱን በዓይን ማውጣት ነው። ተያይዞ የተጻፈ «ስለሙድ» ደግሞ ያመልጠዋል። በላቲን ፊደል `mud` ወይም `mood` ብለው የሚጽፉትን ለብቻ ፈልጉ። ሌላው የሚያሳስተው ፎርዋርድ ነው። አንድ ቀልድ በብዙ ሰው ሲላክ ቃሉ በድንገት የበዛ ይመስላል፤ `forwarded_from` የሚል ያለበትን ሁሉ ከቆጠራው አውጡ።

እንዲህ ለቅማችሁ ያገኛችሁት የመጀመሪያው ቀን የቃሉ ልደት አይደለም። ቴሌግራም ራሱ የተጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሰፈር ውስጥ የተነገረ ነገርም ሳይጻፍ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ «ከዚህ ቀን ጀምሮ» ከማለት «ከዚህ ቀን በፊት» ብላችሁ ጻፉ፤ ሌላ ሰው የበለጠ የቆየ ማስረጃ ይዞ ቢመጣ መዝገባችሁ አይፈርስም፣ ቀኑ ብቻ ወደ ኋላ ይሄዳል።

የ«ሙድ» መዝገብ በስተመጨረሻ አራት ፍቺ ይኖረዋል፦ የሰው ስሜት፣ የዝግጅት ድባብ፣ የእቃ አምሮ መታየት፣ እና ከ«ያዘ» ጋር በ«ብ» ሲነገር ማላገጥ። በእያንዳንዱ ሥር ካርዶቹ ከነዕድሜያቸው ይደረደራሉ። አራተኛውን «መጥፎ ቃል» ብላችሁ ለብቻው አታውጡት። ከሦስቱ ጋር አንድ ገጽ ላይ ካልተቀመጠ፣ ከየት መጥቶ እንደከፋ የሚያነብ ሰው አያገኘውም።