ሦስት ጠርሙስ፣ አንድ ፊት
ቫይታሚን ሲን፣ ናያሲናማይድንና አሲድን ቆዳ ሳይቆጣ አብሮ ለመጠቀም

ባለፈው ክረምት አንዲት ደንበኛዬ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና መጣች። ቁጭ ብላ "እስቲ ይሄን እዪልኝ" ስትለኝና ሻርፑን ስታወርደው ደነገጥኩ። ጉንጮቿ ተልጠዋል፣ የአፏ ዳርና የአፍንጫዋ ጥግ ቀልቷል፣ የጉንጯ አጥንት ላይ ደግሞ ከዚያ በፊት ያላየሁት ጥቁር ጥላ ወጥቷል። ከቦርሳዋ ሦስት ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልኝ። አንዱ 20 በመቶ ቫይታሚን ሲ፣ ሁለተኛው 10 በመቶ ናያሲናማይድ፣ ሦስተኛው 7 በመቶ ግላይኮሊክ አሲድ ነው። የገዛቻቸው ብጉር ጥሎባት የሄደውን ጥቁር ነጠብጣብ ለማጥፋት ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል ሦስቱንም ጠዋትና ማታ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረበች ተቀብታለች።

"ሁሉም ጥሩ ነው ከተባለ፣ ሁሉንም ብቀባው ምን ችግር አለው?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። መልሱ ደግሞ ከሚመስለው ቀላል ነው፤ ሦስቱ አብረው መሥራት ይችላሉ፣ የሚያስቸግረው ብዛታቸውና ጥድፊያው ነው።

የእኛ ቆዳ ሲቆጣ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ እንበል። ነጣ ያለ ቆዳ ሲቆጣ ይቀላል፣ ቆይቶም ይመለሳል። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ግን ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት ይነቃቁና ከመጠን በላይ ሜላኒን ያመርታሉ። ቁጣው በሳምንት ቢበርድም የሚተወው ጥቁረት ለወራት ይቆያል። ብጉር ከጠፋ በኋላ ነጠብጣብ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። በክሬም ብዛት የተለበለበ ቆዳም እንደዚሁ ይጠቁራል። ደንበኛዬ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጥቁረት ለማጥፋት ብላ የጀመረችው ነገር ሌላ ጥቁረት ጨመረላት።

ሦስቱ ጠርሙሶች ምን ይሠራሉ?

ናያሲናማይድ ከቫይታሚን ቢ3 ቤተሰብ ነው። ቆዳ ራሱን የሚያጥርበትን ስብ እንዲያመርት ይረዳል፣ የተመረተው ቀለም ወደ ላይኛው ቆዳ የሚተላለፍበትንም መጠን ይቀንሳል። ከሦስቱ በጣም የዋሁ እሱ ነው። ከ2 እስከ 5 በመቶ ያለው ይበቃል። 10 በመቶ የሚለውን ገዝተው ፊታቸው የሚግልባቸው ሰዎች አሉ፣ ብዙ መክፈላቸው ግን የተለየ ጥቅም አያመጣላቸውም።

አሲዶቹ የሞተውን የላይኛውን ቆዳ የያዘውን ማጣበቂያ ያላላሉ። ግላይኮሊክ ሞለኪሉ ትንሽ ስለሆነ ፈጥኖ ይገባል፣ ስለዚህም ይበልጥ ይለበልባል። ላክቲክና ማንደሊክ አሲድ ረጋ ያሉ ናቸው። ሳሊሲሊክ አሲድ ደግሞ በስብ ውስጥ ስለሚሟሟ የተደፈነ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ብጉርና ወዛም ፊት ላላቸው እሱ ይመረጣል፣ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ባለው መጠን።

ቫይታሚን ሲ የቀለም ማምረቱን ሥራ ያዘገያል፣ የፀሐይንም ጉዳት ይቀንሳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በሴረም ውስጥ የሚገኘው ዋናው ዓይነት ስሙ ኤል-አስኮርቢክ አሲድ ነው። ስሙ እንደሚናገረው እሱም አሲድ ነው። ወደ ቆዳ እንዲገባ ፒ.ኤች መጠኑ ከ3.5 በታች መሆን አለበት። የጤነኛ ፊት ፒ.ኤች ደግሞ 5 አካባቢ ነው።

አሁን የደንበኛዬን ሒሳብ እንሥራ። በቀን ሁለት ጊዜ ግላይኮሊክ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ቫይታሚን ሲ። እሷ አንድ አሲድ የምትጠቀም መስሏት ነበር፣ ፊቷ ግን በቀን አራት ጊዜ፣ በሳምንት 28 ጊዜ አሲድ ይቀበል ነበር። ይህን ስነግራት ዝም ብላ ጠርሙሶቹን አየቻቸው።

"ቫይታሚን ሲና ናያሲናማይድ ይጋጫሉ" ይባላል

ይህ ወሬ አርጅቷል። ናያሲናማይድ በጣም ኮምጣጣ በሆነ ነገር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከፍ ባለ ሙቀት ሲቆይ ኒያሲን ወደሚባለው ዓይነት ይለወጣል፣ ኒያሲን ደግሞ ፊት ያቀላል። ፊታችን ላይ ግን ያን ያህል ሙቀትም ጊዜም የለም። ሁለቱን በአንድ ቀን መጠቀም ይቻላል። እኔ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ የማደርገው ለሌላ ምክንያት ነው። ፊት ሲቆጣ የትኛው እንዳስቆጣው ወዲያው እንዲታወቅ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ማቆም

ደንበኛዬን ሦስቱንም እንድታቆም ነገርኳት። ለሦስት ሳምንት ሽታ በሌለው ለስላሳ መታጠቢያ፣ በተራ ማለስለሻ ክሬምና በፀሐይ መከላከያ ብቻ ቆየች። ማታ ማታ የአፏን ዳርና የአፍንጫዋን ጥግ በስሱ ቫዝሊን ትቀባ ነበር። ሞቅ ባለ ውሃ መታጠብና በፎጣ መፈተግም ቀረ።

መቼ እንደዳነች በምን አወቅን? በክሬሙ ነው። የተጎዳ ቆዳ ተራ ማለስለሻ ክሬም ራሱ ያቃጥለዋል። ክሬሙ ሳይቆረቁራት ተቀብታ ማደር ስትችል አጥሩ እንደተጠገነ ገባን።

ከዚያ አንድ በአንድ

በአራተኛው ሳምንት ናያሲናማይድ ብቻ ጀመርን፣ ያውም 5 በመቶውን፣ ማታ ማታ። ከዚያ በፊት ለሦስት ቀን ከጆሮዋ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ሞከረችው። ለሁለት ሳምንት ሌላ ነገር አልጨመርንም።

በስድስተኛው ሳምንት ቫይታሚን ሲ መጣ። 20 በመቶውን ትተን 10 በመቶ ያዝን፤ በደረቀ ፊት ላይ ሦስት ወይም አራት ጠብታ፣ ጠዋት፣ አንድ ቀን እየዘለለች። ሳይቆረቁራት ሲቀር በየቀኑ አደረገችው። ቆዳዋ በጣም ስስ የሆነ ሰው ደግሞ አስኮርቢል ግሉኮሳይድ ወይም ሶዲየም አስኮርቢል ፎስፌት የሚል የተጻፈበትን ብትመርጥ ይሻላታል፤ እነዚህ ኮምጣጣ መሆን ስለማያስፈልጋቸው አይለበልቡም፣ ሥራቸው ግን ዘገም ይላል።

አሲዱ የመጣው በስምንተኛው ሳምንት፣ በመጨረሻ ነው። 5 በመቶ ላክቲክ አሲድ፣ በሳምንት አንድ ማታ። ከወር በኋላ ሁለት ማታ አደረግነው፣ እዚያም ላይ ቆምን። ግላይኮሊኩ አልተጣለም፤ ለተረከዟና ለክርኗ ሆነ፣ እዚያ ያለው ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል።

ሳምንቷ አሁን ይህን ይመስላል

ጠዋት ፊቷን በውሃ ታጠባለች፣ ቫይታሚን ሲ፣ ማለስለሻ ክሬም፣ በመጨረሻ የፀሐይ መከላከያ። ማታ በለስላሳ መታጠቢያ ታጥባ ናያሲናማይድና ክሬም። ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ ብቻ ይለያል፤ ታጥባ፣ ፊቷ በደንብ ከደረቀ በኋላ ላክቲክ አሲዱን፣ ከዚያ ክሬም ትቀባለች። እርጥብ ፊት አሲድን አብዝቶ ስለሚያስገባ ነው ማድረቁ የሚያስፈልገው። በማግስቱ ጠዋት ፊቷ ትንሽ ከተወጠረ ቫይታሚን ሲውን ትዘላለች፣ ምንም አይቀርባትም። በክረምት ማሞቂያው ቤቱን ሲያደርቅ፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገር ቀኑን ሙሉ ኤሲ ውስጥ ለሚውል ሰው፣ አሲዱን ወደ አንድ ማታ መመለስ ይበጃል።

የፀሐይ መከላከያው አማራጭ አይደለም። እንደ ግላይኮሊክና ላክቲክ ያሉ አሲዶች ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣሉ፣ ካቆሙ በኋላም ለአንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ መጠኑም በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ለፊትና ለአንገት። ማድያት ላለበት ሰው ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ይሻላል፤ ማድያትን የሚያጠቁረውን የሚታይ ብርሃን ይከላከላል፣ ነጭ ሆኖም ፊት ላይ አይቀርም።

መብዛቱ በምን ይታወቃል?

አሲድ ሲቀቡ ለአንድ ሁለት ደቂቃ መቆርቆሩ ያለ ነው። ከዚያ አልፎ የሚቆይ ማቃጠል ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ በውሃ ያጥቡት። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ቶሎ ስለማይታይ ዓይንን ብቻ አይመኑ። ፊት እንደ ፕላስቲክ ሲያብረቀርቅና ሲወጠር፣ ያልነበረ ደቃቅ ሽፍታ ሲወጣ፣ ተራ ክሬም ሲያቃጥል፣ ያኔ ሁሉንም ያቁሙ። "እየላጠኝ ስለሆነ እየሠራ ነው" ማለት ትልቁ ስህተት ነው። እብጠት ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ካለ ግን ወደ ሐኪም ነው የሚኬደው።

ቫይታሚን ሲው ራሱ ሲበላሽም ይታያል። ጥርት ያለው ሴረም ሻይ የመሰለ ቡናማ ቀለም ከያዘ አርጅቷል። ክዳኑን አጥብቀው ከብርሃን ራቅ ባለ ቦታ ያስቀምጡት፣ መታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ አያኑሩት።

ከእነዚህ ጋር የማይደባለቁ

ሬቲኖል በአሲድ ማታ አይቀባም። ፊት በክር ከተነሳ ወይም ሰም ከተደረገ ቢያንስ ለሁለት ሦስት ቀን አሲድ ይቆይ። ሎሚ ፊት ላይ ማሸት ከቤት የመጣ ልማድ ቢሆንም ይቅር፤ የሎሚ ጭማቂ ፒ.ኤቹ 2 አካባቢ ነው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ቆዳን አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ከሁሉ በላይ፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈ "የሚያቀላ" ክሬም የሚቀባ ሰው አሲድ አይጀምር። ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው፣ ስቴሮይድ ደግሞ ቆዳን ያሳሳል። መጀመሪያ ለሐኪም ይንገር፣ በራሱም በድንገት አያቁመው። ነፍሰ ጡር ከሆኑም ሳሊሲሊክ አሲድ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ደንበኛዬ በቅርቡ ተመልሳ መጣች። ከጀመረች አምስት ወር አልፏታል። የጉንጯ አጥንት ላይ የነበረው ጥላ ለቋል፣ አገጯ አጠገብ አንድ አሮጌ ነጠብጣብ ግን ገና ይታያል። "ይሄኛውስ?" አለችኝ በጣቷ እያሳየች። ጥልቅ የሆነው ጥቁረት ዘግይቶ ነው የሚለቀው፣ አልኳት። አንድ ማታ ጨምሬ ልቀባ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሻርፑን አስታወስኳትና ሁለታችንም ሳቅን።