የማይሰማ የቆዳ ምልክትና የወፈረ ነርቭ

በክንድ፣ በጀርባ ወይም በጭን ላይ የወጣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ሲነካ የማይሰማ ከሆነ፣ በመጀመሪያ ሊታሰቡ ከሚገባቸው በሽታዎች አንዱ ሥጋ ደዌ ነው። ቆዳ ላይ ምልክት የሚያወጡ ሕመሞች ብዙ ናቸው። ቋቁቻ ይቀረፈፋል፣ አንዳንዴም ያሳክካል። ጭርት ጠርዙ ከፍ ብሎ እየሰፋ ይሄዳል። ለምጥ የቆዳውን ቀለም ጨርሶ ያጠፋዋል። በእነዚህ በሦስቱም ላይ ግን ጥጥ ሲያርፍ ሰውየው ያውቀዋል። የሥጋ ደዌ ምልክት ብዙውን ጊዜ አያሳክክም፣ አያምም፤ ሕመምተኛውም ችላ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ በ1873 የለየው ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን ነው። ባክቴሪያው በጣም ቀስ ብሎ ስለሚራባ፣ ከተያዙበት ቀን አንስቶ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይስማማዋል፤ ስለዚህ ቆዳንና ከቆዳ ሥር በቅርብ የሚያልፉትን ነርቮች ይይዛል። መኖሪያው ነርቭን የሚሸፍኑት ሴሎች ናቸው። ሰውነት ሊከላከለው ሲነሣ ውጊያው እዚያው ነርቩ ውስጥ ይሆናል፤ ነርቩ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ሥራውንም ያቆማል። በመጀመሪያ የሚጠፋው ሙቀትና ቅዝቃዜን መለየት ነው፤ ቀጥሎ ቀላል ንክኪና ሕመም። ላብም ስለሚቀር ምልክቱ ያለበት ቆዳ ይደርቃል።

አንድ የ30 ዓመት ገበሬ ይታሰብ። ክንዱ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ወጥቶ የጭርት ቅባት ለወራት ሲቀባ ቆይቷል፤ ለውጥ ግን የለም። ከዚያ ትንሿ ጣቱ መደንዘዝ ትጀምራለች። መርማሪው መጀመሪያ ዐይኑን ገልጦ ፈተናው እንዴት እንደሆነ ያሳየዋል። ቀጥሎ ዐይኑን አስጨፍኖ በጥጥ ጫፍ አንዴ ጤነኛውን ቆዳ፣ አንዴ ምልክቱን እየነካ፣ የተነካበትን ቦታ በጣቱ እንዲጠቁም ይጠይቀዋል። ገበሬው ጤነኛውን ሁሉ ይጠቁማል፤ ምልክቱ ሲነካ ዝም ይላል። ከዚያ መርማሪው ከክርኑ በስተውስጥ፣ በአጥንቱ ጎድጓዳ የሚያልፈውን ነርቭ በጣቱ ዳሶ ከሌላኛው ክንድ ጋር ያነጻጽራል። በታመመው በኩል ያለው ወፍሮና ጠጥሮ ይገኛል። ሲጫኑትም ሊያም ይችላል። በዚሁ መንገድ በአንገት ጎን ከጆሮ በታች፣ ከጉልበት በታች በስተውጭ፣ ከቁርጭምጭሚት በስተውስጥ ያሉት ነርቮች ይዳሰሳሉ።

ሌሎች ምክንያቶችም ሊመዘኑ ይገባል። የስኳር በሽታ ሁለቱንም እግር ከጣቶች ጀምሮ እኩል ያደነዝዛል፤ የማይሰማ የቆዳ ምልክት ግን አያወጣም። በዘር የሚተላለፉ ጥቂት ሕመሞች ነርቭ ያወፍራሉ፤ እነርሱም እንዲህ ያለ ምልክት የላቸውም። የማይሰማ ምልክትና የወፈረ ነርቭ ባንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ከሥጋ ደዌ ሌላ አጥጋቢ ማብራሪያ ማግኘት ይከብዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንዱ፣ ከጆሮ ጫፍና ከምልክቱ ተጭሮ የተወሰደው ናሙና ባክቴሪያ ካልታየበት ሥጋ ደዌ አይደለም ማለት ነው። ምልክቶቹ ጥቂት በሆኑ ሕመምተኞች ባክቴሪያው ትንሽ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በናሙናው አይታይም። ሌላው፣ ስሜት ካለ ሥጋ ደዌ አይደለም ብሎ መደምደም ነው። ፊት በነርቭ የበለጸገ በመሆኑ እዚያ የወጣ ምልክት ስሜቱን ሊይዝ ይችላል፤ ባክቴሪያው በብዛት በተሰራጨባቸው ሰዎችም ምልክቶቹ ብዙ ሆነው በመጀመሪያ ስሜት አያጡም።

ሕክምናው ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የተባሉትን መድኃኒቶች በጥምር መውሰድ ነው። ምልክቱ እስከ 5 ከሆነ ለ6 ወር፣ ከ5 በላይ ከሆነ ወይም ባክቴሪያው በናሙና ከታየ ለ12 ወር ይሰጣል። መድኃኒቱ ከ1995 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነጻ ይታደላል፤ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ለሌሎች ማስተላለፉን ያቆማል። የሞተ ነርቭን ግን ይህ መድኃኒት አይመልስም። ነርቭ ሲያብጥ ፕሬድኒሶሎን ይታከልበታል፤ ጉዳቱ ከ6 ወር ካለፈው የመመለስ ተስፋው ይመነምናል። የገበሬው ትንሽ ጣት የምትድነው ወይም ተቆልምማ የምትቀረው በእነዚህ ወራት ነው።

በኢትዮጵያ በየዓመቱ አዳዲስ ሕመምተኞች ይገኛሉ፤ አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታልም በ1960ዎቹ የተመሠረተው ለዚሁ ሕመም ሕክምናና ሥልጠና ነው። በሽታው እምብዛም በማይታይባቸው የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች የሚኖር ኢትዮጵያዊ የማይሰማ ምልክት ቢያገኝ፣ የት አገር እንዳደገ ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ካልተነገረው ሐኪሙ ሥጋ ደዌን ላያስበው ይችላል።