በሩ የሚከፈተው ስንት ሰዓት ነው?

«ጀግኖቻችን ሜዳ ላይ፣ እኛ ከጎናቸው! ማንም እንዳይቀር! እሑድ 10፡00 ስቴዲየም እንገናኝ!» የክለብ ደጋፊ የሆነ ሰው በጨዋታ ሳምንት እንዲህ ያለ ጽሑፍ በቴሌግራሙ ሳያይ አይውልም። ከተጫዋቹ ፎቶ ሥር ተጽፎ ይመጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ከእጅ ወደ እጅ ይዛመታል። ስሜት ቀስቃሽነቱ አይካድም። ነገር ግን ሰዉ ጨዋታ የሚጀመርበትን ሰዓት ብቻ ይዞ ከቤቱ ይወጣል። በሩ መቼ እንደሚከፈት፣ በየትኛው በኩል እንደሚገባ፣ ትኬቱ ስንት እንደሆነ አልተነገረውም። ስለዚህ ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ በር ላይ ይገናኛል።

የክለብ ገጽ የሚይዙ ልጆች ይህን ጽሑፍ የሚያዩት እንደ ማስዋቢያ ነው። እኔ ግን የትራፊክ ፖሊስ ሥራ የሚሠራ ጽሑፍ ነው እላለሁ። በሺህ የሚቆጠር ሰው መቼ ከቤቱ እንደሚነሳ የሚወስነው እሱ ነውና።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንይ። እኛ ቀኑን ከንጋት የምንቆጥር ስለሆንን በብዙ አገር የማይታወቅ ጣጣ አለብን። ከቀኑ 10 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በቴሌቪዥን መርሐ ግብር ላይ 16፡00 ይባላል። ውድድሩ የካፍ ከሆነና ሰዓቱ በግሪኒች አቆጣጠር ከተጻፈ ደግሞ 13፡00 ነው። አንድ ጨዋታ፣ ሦስት ቁጥር። 16 እና 13 የሚሉት ቢያንስ የእኛ አቆጣጠር እንዳልሆኑ ያስታውቃሉ፤ አሳሳቹ በሁለቱም አቆጣጠር ትርጉም የሚሰጥ ቁጥር ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በፈረንጅ ፖስተር ላይ 6፡00 ተብሎ ይጻፋል። ያንን ፖስተር እንዳለ ገልብጦ የለጠፈ ገጽ ግማሹን ደጋፊ በጠራራ ፀሐይ፣ በቀትር፣ ስቴዲየም በር ላይ ያቆመዋል። በእኛ አቆጣጠር 12፡00 ብሎ መጻፍም ብቻውን አይበቃም። ንጋት ነው፣ ምሽት ነው፣ ወይስ የፈረንጁ እኩለ ቀን?

መድኃኒቱ ቀላል ነው። «ከቀኑ 10 ሰዓት»፣ «ከምሽቱ 12 ሰዓት» ብሎ የቀኑን ክፍል ከቁጥሩ ጋር መጻፍ፣ የሳምንቱን ቀን ስም ደግሞ አለመርሳት። የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ቢምታታም እሑድ እሑድ ነው። ጨዋታውን ከዋሽንግተን የሚከታተለው ወገናችን የራሱን ሰዓት ራሱ ያሰላል። እኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ስንል እነሱ ዘንድ በበጋቸው ከጠዋቱ 9 በፈረንጅ፣ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በመለሱበት ወራት ደግሞ 8 ይሆናል። ስቴዲየም የሚሄደው ሰው በዚህ ሁሉ መደናገር የለበትም፤ ለእሱ አንድ ሰዓት፣ በአንድ አቆጣጠር ይበቃዋል።

ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም ፈጽሞ የሚዘለለው፣ በር የሚከፈትበት ሰዓት ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ በሒሳብ እንየው። ፈታሹ የአንዱን ሰው ኪስ ለመዳሰስና ትኬቱን ለመቅደድ ስድስት ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። ይህ ፈጣን ፈታሽ ነው፤ በደቂቃ አሥር ሰው፣ በሰዓት 600 ሰው ያስገባል። በእንግሊዝ አገር የስቴዲየም ደኅንነት መመሪያ ለአንድ መግቢያ የሚቀመጠው ከፍተኛ መጠንም በሰዓት 660 ሰው ስለሆነ ግምታችን ሩቅ አይደለም። አሁን ለአንድ ክፍል 4,000 ትኬት ተሸጧል፣ የተዘጋጁት የፍተሻ መስመሮች ደግሞ አራት ናቸው። አራቱ በደቂቃ 40 ሰው ያስገባሉ፤ 4,000ው ሰው ለመግባት 100 ደቂቃ ይፈልጋል። ሰዉ «10፡00 እንገናኝ» ተብሎ 9፡20 ላይ ቢጎርፍ ዳኛው ፊሽካ እስኪነፋ የሚገባው 1,600 ሰው ነው። የቀረው 2,400 ትኬቱን ይዞ ውጭ ቆሞ የጎል ጩኸት ይሰማል። ግፊያው የሚጀመረውም ያኔ ነው። ሴቶችን የምትፈትሽ ሴት ለብቻ ካልተመደበች ደግሞ መስመሩ ከዚህም ይብሳል።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1989 በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ፣ ሂልስቦሮ ስቴዲየም፣ ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ተገናኝተው ነበር። ጨዋታው በእነሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 3፡00 ላይ ይጀመራል። ቆመው ለሚያዩ 10,100 ያህል የሊቨርፑል ደጋፊዎች የተመደቡላቸው መግቢያዎች ሰባት ነበሩ። ለአንዱ መግቢያ ከ1,400 በላይ ሰው ማለት ነው፤ በ660 ብናካፍለው ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ግን ተመልካቹ ጨዋታው ሊጀመር 15 ደቂቃ ሲቀረው ቦታውን እንዲይዝ ነበር። ሰው ትኬቱ የነገረውን ነው የሚያደርገው። ውጭ ያለው መጨናነቅ ሲበረታ 2፡52 ላይ ፖሊስ አንድ ትልቅ መውጫ በር አስከፈተ፤ ሕዝቡም ፊት ለፊቱ ባገኘው መተላለፊያ አድርጎ ቀድሞ ወደሞላው መካከለኛ ክፍል ገባ። ግራና ቀኝ ያሉት ክፍሎች ቦታ ነበራቸው፤ ወደዚያ የሚመራ ግልጽ ምልክት ግን አልነበረም። በዚያ አደጋ 97 ሰዎች ሞተዋል። ጥፋቱ የጽሑፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ የፖሊስ አመራሩና የስቴዲየሙ ጉድለት በምርመራና በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ነው። ሆኖም የትኬቱ 15 ደቂቃ ከበሩ አቅም ጋር አይገጥምም ነበር።

በአፍሪካም ቅርብ ጊዜ ያየነው አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2022 ካሜሩን ከኮሞሮስ ስትጫወት ያውንዴ በሚገኘው ኦሌምቤ ስቴዲየም በር ላይ በተፈጠረ ግፊያ ስምንት ሰዎች ሞቱ። የካፍ ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ በማግስቱ፣ ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ እንደነበር ተናገሩ። እዚህ ላይ የጽሑፉ አቅም ያልቃል። የክለቡ ገጽ «በዚህ በር ግቡ» ቢል፣ በሩ ላይ ያለው ሰው ካልከፈተ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ጽሑፉን የሚያወጣው ልጅ ከመለጠፉ በፊት ለስቴዲየሙ ኃላፊ ደውሎ የትኞቹ በሮች እንደሚከፈቱ መጠየቅ አለበት። ካለፈው ጨዋታ ገልብጦ መለጠፍ አይበቃም።

በሮችን ሲጠራም ሰዉ በሚጠራቸው ስም ይጥራ። የአዲስ አበባ ስቴዲየም ተመልካች ትውልድ ተሻጋሪ ስሞች አሉት፦ ካታንጋ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ፣ ክቡር ትሪቡን። «ምሥራቃዊ ክፍል ለ» ብትለው የአዲስ አበባ ልጅ ዙሪያውን ሲዞር ይውላል፤ «ካታንጋ» ካልከው ዓይኑን ጨፍኖ ይደርሳል። እንግዳ ቡድን ከክፍለ ሀገር ይዞ ለሚመጣው ደጋፊ ግን ስሙ ብቻ አይበቃውም፤ በአቅራቢያው ያለ የታወቀ ምልክት ይጨመርለት።

ዋጋው ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ነገር ብቻ፦ በር ላይ በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ከሆነ ዋጋው ከብር ኖቶቻችን ጋር ይስማማ። የ20 ብር ኖት የለንም። 30 ብር የተባለ ትኬት ለሚገዛና 50 ብር ለሰጠ ሰው ሁለት አሥር ብር መመለስ አለበት፣ ዝርዝር ያለቀበት ሻጭ ደግሞ ሰልፉን ያስቆመዋል። 50 ብር የተባለ ትኬት በአንድ ኖት ያልቃል። በቴሌብር የሚሸጥ ከሆነም ይጻፍ፤ ትኬቱ ካለቀም በትልቁ «ትኬት አልቋል» ይባል። «ማንም እንዳይቀር» የሚለው ፖስት ትኬት ካለቀ በኋላ ሲዘዋወር መዋል የለበትም።

ታዲያ ወኔው የት ይግባ? ብዙ ሰው መረጃና ስሜት ይጣላሉ ብሎ ያስባል። እኔ አይመስለኝም። ወኔው ወደ ጨዋታው መጀመሪያ ከሚጠራ ወደ ማሟሟቂያው ቢጠራ ይሻላል። ቡድኖች ጨዋታ ሊጀመር ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ለማሟሟቅ ሜዳ ይገባሉ። ደጋፊው ያንን ቅጽበት እንዲቀበል ከተጠራ ሰልፉ ራሱ ይሳሳል። ዋጋውንም የበር ቁጥሩንም ለምሳሌ ብቻ ወስደን፣ ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ቡናማዎቹ! እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ቡና ከጊዮርጊስ፣ አዲስ አበባ ስቴዲየም።
በር የሚከፈተው ከቀኑ 7፡30 ነው።
ካታንጋ 50 ብር፣ በበር 4። ከማን አንሼ 100 ብር፣ በበር 6። ጥላ ፎቅ 200 ብር፣ በበር 1። የሴቶች ፍተሻ በሁሉም በር አለ።
ልጆቻችን 9፡15 ላይ ለማሟሟቅ ሲወጡ ባዶ ወንበር እንዳያዩ! ከ9 ሰዓት በፊት ቦታችንን ይዘን፣ ዘፈናችንን ጀምረን እንጠብቃቸው!»

መረጃው ፊት ላይ የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ስልክ ላይ ረጅም ጽሑፍ ይታጠፋል፤ የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት መስመሮች ናቸው። ወኔ ፈላጊው ታጥፎም ቢሆን ከፍቶ ያነባል፤ ሰዓት ፈላጊው ግን አይከፍትም። ተቃራኒ ቡድንን የሚሰድብ ቃል እንደሌለበትም ልብ በሉ። ለደጋፊ ጥፋት ክለብ ይቀጣል፤ የክለቡ ገጽ ራሱ ስድብ ከጀመረ ደግሞ ምን ይባላል?

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር፣ ክለቦችም በአንድ ከተማ ተሰብስበው መጫወት ሲለምዱ፣ ደጋፊ ከአዲስ አበባ አዳማ ወይም ሐዋሳ ድረስ መጓዝ ግድ ሆኖበታል። የሰዓት ለውጥ ያኔ የአውቶቡስ ገንዘብ ነው። ሰዓት ከተቀየረ የድሮውን ፖስት አጥፍቶ ዝም ማለት አይጠቅምም፤ ምስሉ ቀድሞ በየግሩፑ ተሰራጭቷል። በድሮው ምስል ላይ «ተቀይሯል» ብሎ በቀይ ጽፎ፣ አዲሱን ሰዓት ከሥሩ አስፍሮ እንደገና መልቀቅ ይገባል። እናንተም ምስሉን ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት ቀኑን አንብቡ፤ በር የሚከፈትበት ሰዓት ከሌለው ደግሞ የክለባችሁን ገጽ ከሥሩ ጠይቁ።