ላይም ታችም x ሲሆን

x³ እና 3ˣ ሲታዩ የሚመሳሰሉ፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል የሆነ ሁለት ፋንክሽኖች ናቸው። ታች የሚጻፈውን ቁጥር መሠረት፣ ከላይ በትንሹ የሚጻፈውን አርቢ እንበላቸው። በ x³ ውስጥ የሚለወጠው መሠረቱ ነው፤ አርቢው 3 ሆኖ ይቀመጣል። በ 3ˣ ውስጥ መሠረቱ ቆሞ አርቢው ይሄዳል። የለውጣቸውን ፍጥነት፣ ማለትም ዴሪቬቲቫቸውን ለማግኘት ካልኩለስ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሕግ አለው። ለመጀመሪያው አርቢውን ወደ ፊት አውርደን ከአርቢው ላይ አንድ እንቀንሳለን፤ 3x² ይሆናል። ለሁለተኛው ፋንክሽኑን እንዳለ ትተን በመሠረቱ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም እናባዛዋለን፤ 3ˣ · ln 3 ይሆናል።

አሁን xˣ ይምጣ። የትኛው ሕግ ይሠራለታል?

ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። የመጀመሪያውን የመረጠ x · xˣ⁻¹ ብሎ ይጽፋል፤ ይህም ሲቃለል ራሱ xˣ ነው። ሁለተኛውን የመረጠ xˣ · ln x ብሎ ይጽፋል። ማን ልክ እንደሆነ ለማወቅ መምህር መጥራት አያስፈልግም፤ ካልኩሌተር ይበቃል። x 2 ሲሆን xˣ 4 ነው። x በጥቂቱ ጨምሮ 2.001 ሲሆን ደግሞ 2.001 በራሱ አርቢነት ሲነሣ ወደ 4.00678 ይደርሳል። x በ 0.001 ሲጨምር ውጤቱ በ 0.00678 ገደማ ጨመረ ማለት ነው፤ ስለዚህ በዚህ ቦታ ያለው የለውጥ ፍጥነት 6.78 አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ተማሪ መልስ 4 ይሰጣል፤ የሁለተኛው 2.77 ገደማ። ሁለቱም ስተዋል፤ ያውም በሰፊው።

የስህተቱ ምንጭ አንድ ነው። የመጀመሪያው ሕግ የተገነባው አርቢው የማይለወጥ ቁጥር ነው በሚል ቅድመ ሁኔታ ላይ ነው፤ ሁለተኛው መሠረቱ የማይለወጥ ነው በሚል። xˣ ሁለቱንም ቅድመ ሁኔታዎች በአንድ ጊዜ ያፈርሳል። x አንድ እርምጃ ሲሄድ መሠረቱም አርቢውም አብረውት ይሄዳሉ።

መውጫው ሎጋሪዝም ነው። ሎጋሪዝም አርቢን ከላይ አውርዶ ተራ አባዢ ያደርገዋልና። y = xˣ ብለን በሁለቱም በኩል የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ብንወስድ

ln y = x · ln x

እናገኛለን። አስቸጋሪው ርቢ ጠፍቶ በቦታው የሁለት ነገሮች ብዜት ቀረ፤ ሁለት ነገሮች አብረው ሲለወጡ ብዜታቸው እንዴት እንደሚለወጥ ደግሞ እናውቃለን። ርዝመቱም ወርዱም በጥቂት በጥቂቱ የሚሰፋ ማሳ ብናስብ፣ አዲስ የሚጨመረው መሬት በአንድ ጎን ርዝመቱ ስላደገ፣ በሌላው ጎን ወርዱ ስለሰፋ የመጣ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ጠቅላላውን ጭማሪ ይሰጣሉ። በ x · ln x ላይም እንደዚሁ ነው። x ሲለወጥ የሚመጣው ድርሻ 1 · ln x ነው፤ ln x ሲለወጥ የሚመጣው ድርሻ x · 1/x፣ ማለትም 1 ነው። በቀኝ በኩል ያለው ዴሪቬቲቭ ስለዚህ ln x + 1 ይሆናል።

በግራ በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ ln y ዴሪቬቲቭ 1/y ብቻ አይደለም፤ y ራሱ በ x ላይ የተመሠረተ ስለሆነ y′/y ነው። ይህ ክፍልፋይ የራሱ ትርጉም አለው፤ y ካለበት መጠን አንጻር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያድግ ይነግረናል። የባንክ ወለድ በመቶኛ እንደሚነገረው ዓይነት ዕድገት ነው። እንግዲህ

y′/y = ln x + 1

ሁለቱንም በ y ብናባዛና በ y ቦታ xˣ ብንመልስ

y′ = xˣ (1 + ln x)

x 2 ሲሆን 4 × 1.6931፣ ማለትም 6.7726 ይሰጣል። በካልኩሌተር ካገኘነው 6.78 ጋር ያለው ትንሽ ልዩነት የመጣው 0.001 እርምጃችን ትንሽ ቢሆንም ዜሮ ስላልሆነ ነው። እርምጃው ባጠረ ቁጥር ልዩነቱም ይጠባል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው በመጨረሻው እርምጃ ላይ ነው፤ በ y ማባዛቱን ይረሳና 1 + ln x ላይ ይቆማል። ያገኘው ነገር ከንቱ አይደለም፤ የ xˣን አንጻራዊ ዕድገት አግኝቷል፤ የተጠየቀው ግን እሱ አይደለም። x 2 ሲሆን 1.69 ስለሚሰጥ ያው የካልኩሌተር ፈተና ወዲያው ያጋልጠዋል።

አሁን ትክክለኛውን መልስ በትኖ መጻፍ ተገቢ ነው፦ xˣ + xˣ · ln x። የመጀመሪያው ቁራጭ የመጀመሪያው ተማሪ መልስ ነው፤ ሁለተኛው ቁራጭ የሁለተኛው። 4 እና 2.77 ሲደመሩ 6.77 ይሆናሉ። ይህ ለ xˣ ብቻ የተሰጠ ዕድል አይደለም። መሠረቱ ማንኛውም የሚለወጥ ነገር u፣ አርቢውም ማንኛውም የሚለወጥ ነገር v ቢሆኑ፣ የ uᵛ ዴሪቬቲቭ ሁልጊዜ የሁለት ድርሻዎች ድምር ነው። አንዱ አርቢውን አቁሞ መሠረቱን ብቻ ሲያንቀሳቅሱ የሚመጣው v · uᵛ⁻¹ · u′ ነው፤ ሌላው መሠረቱን አቁሞ አርቢውን ሲያንቀሳቅሱ የሚመጣው uᵛ · ln u · v′ ነው። ሁለቱ ተማሪዎች ያጠፉት ያልሆነ ነገር በመጻፍ ሳይሆን እኩሌታውን በማስቀረት ነው። ይህን ያየ ሰው ቀመሩን በቃል መሸምደድ አያስፈልገውም።

ጥያቄው በካልኩለስ ልጅነት ዘመን በብርቱ ያከራከረ ነበር። በ1690ዎቹ ቤርናርዱስ ኒውቬንታይት የተባለ የሆላንድ ሐኪም የላይብኒትዝን አዲስ ስሌት ሲተች፣ ዘዴው አርቢያቸው የሚለወጥ መጠኖችን ማስተናገድ አይችልም የሚል ክስ አቅርቦ ነበር። ላይብኒትዝ በ1695 ላይፕሲግ ይታተም በነበረው አክታ ኤሩዲቶሩም መጽሔት ላይ መልስ ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1697 ዮሐን በርኑሊ በዚያው መጽሔት ላይ እነዚህን ፋንክሽኖች ራሳቸውን የቻሉ ርእስ አድርጎ ዘረዘራቸው፤ መሣሪያውም ከላይ ያየነው ሎጋሪዝም ነበር። በርኑሊ በዴሪቬቲቩ ብቻ አልቆመም። ከ 0 እስከ 1 ድረስ ከ xˣ ግራፍ በታች ያለው ስፋት 1 − 1/2² + 1/3³ − 1/4⁴ እያለ በሚቀጥል ድምር እንደሚገኝ አሳየ፤ ወደ 0.7834 ይጠጋል።

ግራፉ ራሱ መታየት ያለበት ነው። xˣ ሁልጊዜ የሚያድግ ይመስላል፤ 1፣ 4፣ 27፣ 256 እያለ ይወጣልና። ከ 1 በታች ግን ነገሩ ይለያል። 0.5 በራሱ አርቢነት ሲነሣ 0.707 ነው፤ 0.1 ግን 0.794፣ 0.01 ደግሞ 0.955 ይሰጣል። x ወደ ዜሮ ሲጠጋ ውጤቱ ወደ 1 ይመለሳል ማለት ነው። ከ 1 ተነሥቶ ወርዶ እንደገና የሚወጣ ከሆነ መሃል ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ሊኖረው ግድ ነው። የት እንደሆነ ዴሪቬቲቩ ይነግረናል። xˣ መቼም ዜሮ ስለማይሆን ዜሮ ሊሆን የሚችለው 1 + ln x ብቻ ነው፤ ይህም የሚሆነው x ከ 1/e፣ ማለትም ከ 0.368 ገደማ ጋር እኩል ሲሆን ነው። እዚያ የፋንክሽኑ ዋጋ 0.692 ነው። ከሁለቱ የተሳሳቱ መልሶች አንዱን የያዘ ሰው ይህን ነጥብ አያገኘውም። xˣ የሚለው ዝቅተኛ ነጥብ ጭራሽ የለም ይለዋል፤ xˣ · ln x የሚለው ደግሞ 1 ላይ ነው ብሎ ያሳስተዋል።

ዘዴው ድንበር አለው። ሎጋሪዝም የሚወሰደው ከዜሮ በላይ ከሆነ ቁጥር ብቻ ስለሆነ መሠረቱ ፖዘቲቭ መሆን አለበት። ይህ የዘዴው ድክመት ብቻ አይደለም፤ ፋንክሽኑ ራሱ የሚፈልገው ነው። −1/2 በራሱ አርቢነት ይነሣ ብንል የኔጌቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት ውስጥ እንገባለን፤ መልሱም ከተራ ቁጥሮች መካከል አይገኝም። (sin x)ˣ ቢሰጠን ዴሪቬቲቩን የምንናገረው sin x ከዜሮ በላይ በሆነባቸው ክፍሎች ላይ ብቻ ነው። ሌላው ድንበር ድምር ነው። ሎጋሪዝም ብዜትንና ርቢን ይፈታል፤ ድምርን አይፈታም። xˣ + x² ቢመጣ በጠቅላላው ላይ ሎጋሪዝም መጫን አይረዳም፤ xˣን ለብቻው ሠርቶ 2x መደመር ነው።

ዘዴው ከ xˣ ውጪ ምን እንደሚሠራ የወለድ ስሌት ጥሩ አድርጎ ያሳያል። 1 ብር በዓመት 100 ፐርሰንት ወለድ ይቀመጥ እንበል፤ ወለዱ በዓመት x ጊዜ ተከፋፍሎ እየታሰበ ከዋናው ላይ ከተደመረ፣ በዓመቱ መጨረሻ ያለው ገንዘብ (1 + 1/x)ˣ ነው። አንድ ጊዜ ከታሰበ 2 ብር፣ በየወሩ ከታሰበ 2.613 ብር፣ በየቀኑ ከታሰበ 2.7146 ብር ይሆናል። ሁልጊዜ ያድጋል ወይስ የሆነ ቦታ ላይ ዞሮ ይቀንሳል? እዚህ ላይ ሁለቱ x በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ። አርቢው ሲያድግ ውጤቱን ይገፋዋል፤ መሠረቱ ግን ወደ 1 እየወረደ ይጎትተዋል።

ሎጋሪዝም ብንወስድ ln y = x · ln(1 + 1/x) ነው። በብዜት ሕግ ዴሪቬቲቩን ስንወስድ

y′/y = ln(1 + 1/x) − 1/(x + 1)

ይወጣል። ሁለቱ ኃይሎች እዚህ ተለያይተው ይታያሉ። x 12 ሲሆን የአርቢው ግፊት 0.0800፣ የመሠረቱ ጉተታ 0.0769 ነው፤ ግፊቱ በጥቂት ይበልጣል። በሁሉም ቦታ እንደሚበልጥ ማረጋገጥም ይቻላል። ln(1 + 1/x) ከ 1/t ግራፍ በታች ከ x እስከ x + 1 ያለው ስፋት ነው። የዚያ ቁራጭ ወርድ 1 ነው፤ የግራፉ ከፍታ ዝቅ የሚለውም መጨረሻው ላይ ሲሆን እሱም 1/(x + 1) ነው። ስለዚህ ስፋቱ ከ 1/(x + 1) መብለጡ አይቀርም። የብሩ መጠን ወለዱ በተደጋገመ ቁጥር ያለማቋረጥ ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን እያነሰ ይሄዳል፤ ድምሩም ወደ 2.71828፣ ወደ e፣ እየተጠጋ ከዚያ አያልፍም።