"ነገ በአካል ይቅረቡ!" ስትባሉ የምትጽፉት ደብዳቤ

ከግብር መሥሪያ ቤት የሚመጣ መጥሪያ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። "ስለሚፈለጉ ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በአካል ይቅረቡ" ይላል፤ ከሥሩ ፊርማና ማኅተም አለበት፤ አለቀ! ወረቀቷ አጭር ብትሆንም የምታስከትለው ድንጋጤ ግን ረዥም ነው። አንዱ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። ሌላው ለዘመድ አዝማድ እየደወለ "እዚያ ቤት የምታውቁት ሰው የለም ወይ?" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ብሎ ወረቀቷን መሳቢያ ውስጥ ይወረውራታል። ሦስቱም ያላሰቡት አንድ ነገር አለ። ግማሽ ገጽ በማትሞላ ደብዳቤ ቀጠሮው እንዲለወጥ መጠየቅ ይቻላል።

ውድ አንባቢያን፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። መጥሪያ ደረሰን ማለት ጥፋተኛ ተባልን ማለት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983፣ ዕዳ ያለበትም ሆነ የሌለበት ማንኛውም ሰው ቀርቦ እንዲያስረዳ ወይም ሰነድ እንዲያመጣ ባለሥልጣኑ በጽሑፍ ሊያዝ እንደሚችል ይናገራል። መጠራት የተለመደ ሥራ ነው። ተጠርቶ ዝም ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በራሱ ቅጣት ያስከትላል። ከዚያም አልፎ ሰነዱ ያልቀረበለት ሠራተኛ በእጁ ባለው መረጃ ብቻ ወደ ውሳኔ ሊሄድ ይችላል። በእጁ ያለው መረጃ ደግሞ ለእናንተ የሚያደላ ላይሆን ይችላል።

እስቲ አንድ ጉዳይ እንመልከት። አራት መኪና ያለው የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት የሆኑ ወይዘሮ ናቸው። ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መጥሪያ ይመጣል። በማግሥቱ ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የ2016 በጀት ዓመት የግዥና የሽያጭ ደረሰኞችን ይዘው በአካል እንዲቀርቡ ያዛል። ወረቀቱን የተቀበለችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ደረሰኞቹ ያሉት ደግሞ ሒሳብ በሚሠሩላቸው ሰውዬ ዘንድ ነው፤ ሰውዬው ለለቅሶ ደሴ ወርደዋል። ምን ይደረግ?

ወይዘሮዋ መጀመሪያ ያሰቡት የእህታቸውን ልጅ ልከው "ሰውዬው የሉም በላቸው" ሊያስብሉ ነበር። ይህ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው። ነገር ግን ልጁ ለማን እንደተናገረ፣ የሰማው ሰው ለማን እንዳስተላለፈ ማን ያውቃል? ከወር በኋላ "ተጠርተው አልቀረቡም" ቢባሉ ምን ያሳያሉ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። በመጨረሻ በዚያው ምሽት የሚከተለውን ጻፉ።

"ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ……… ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የቀጠሮ ቀን እንዲለወጥልኝ ስለመጠየቅ

በቁጥር ……… ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተጻፈ መጥሪያ፣ ኅዳር 12 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት የ2016 በጀት ዓመት የግዥና የሽያጭ ደረሰኞቼን ይዤ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። መጥሪያው የደረሰኝ ኅዳር 11 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው።

ደረሰኞቹ የሚገኙት ሒሳቤን በሚሠሩልኝ ባለሙያ ዘንድ ነው። ባለሙያው ለለቅሶ ወደ ደሴ ስለሄዱ የሚመለሱት እሑድ ኅዳር 15 ቀን ነው።

ስለዚህ ቀጠሮው ወደ ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲዛወርልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በዕለቱ ራሴ ደረሰኞቹን ይዤ እቀርባለሁ። እስከዚያው የንግድ ፈቃዴን ቅጂ አያይዤ አቅርቤአለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ስም፣ ፊርማ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ስልክ"

ይኸው ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ደብዳቤው ውስጥ ልመና የለም፤ ምሬትም የለም። "ልጆች አሳዳጊ ነኝ፣ ገበያው ሞቷል" የሚል አንድም ቃል አልገባበትም። ያ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ቀኑ ለምን እንደሚለወጥ አያስረዳም።

ሥራውን የሚሠሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው መጥሪያው የደረሰበት ሰዓት ነው። መጥሪያ የተጻፈበት ቀንና እጃችሁ የገባበት ቀን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አንዳንዴ ወረቀቱ ሰኞ ተጽፎ ሐሙስ ይደርሳል። የጊዜውን ማጠር የሚያስረዳው የደረሰበት ሰዓት ስለሆነ፣ ሱቅ ጠባቂም ሆነ ሠራተኛ ወረቀት ሲቀበል ከፊርማው አጠገብ ቀኑንና ሰዓቱን እንዲጽፍ አስቀድማችሁ ንገሩት። በእጃችሁ በሚቀረው ላይም እንዲሁ ይጻፍ።

ሁለተኛው ምክንያቱ ነው። አንድ ምክንያት ይበቃል፤ ግን እውነተኛና የሚታይ ይሁን። ታመን ከሆነ የሐኪም ወረቀት፣ መንገድ ከሆነ ቲኬት፣ ለቅሶ ከሆነ ከእድር የተጻፈ ማስረጃ ካለ ይያያዝ። "ሳልታመም ታምሜአለሁ ብል ምን አለበት?" የሚል አይጠፋም። አለበት እንጂ! በዚያው ቀን ሱቃችሁ ውስጥ ሆናችሁ በማሽን የቆረጣችሁት ደረሰኝ ሰዓቱን ጽፎ ይመሰክርባችኋል። ከዚያ በኋላ እውነት ብትናገሩም የሚያምናችሁ አታገኙም።

ሦስተኛው፣ አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው፣ የምትቀርቡበትን ቀን ራሳችሁ መጥቀሳችሁ ነው። "ሌላ አመቺ ጊዜ ይሰጠኝ" ብሎ የሚጻፍ ደብዳቤ ለአንባቢው ሥራ ይጨምርበታል፤ የሚሸሽ ሰው ደብዳቤም ይመስላል። ወይዘሮዋ ማክሰኞ ብለዋል። ሰውዬው እሑድ የሚመለሱ ከሆነ ለምን ሰኞ አላሉም? ደረሰኞቹን በየወሩ ለመደርደር አንድ ቀን ስለሚያስፈልግ ነው። ቀን ስትመርጡ እንዲህ አስሉ፤ ያጠረ ይሁን፣ ግን በእርግጥ የምትደርሱበት ይሁን። አንድ ጊዜ የተለወጠን ቀጠሮ ሁለተኛ ለማስለወጥ መሞከር በጣም ከባድ ነው።

ደብዳቤው የሚጻፈው በሁለት ቅጂ ነው። የሚገባውም ከቀጠሮው ሰዓት በፊት ነው፤ 3 ሰዓት የተጠራ ሰው 5 ሰዓት ላይ ቢያስገባ ቀሪ ሆኖ ይቅርታ የጠየቀ እንጂ ቀጠሮ ያስለወጠ አይባልም። ወይዘሮዋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል መዝገብ ቤት ነበሩ። አንዱን ቅጂ አስገብተው፣ በእጃቸው በቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደረጉ። ይህች ማኅተም ያለባት ቅጂ ከደብዳቤው ይልቅ ትበልጣለች፤ አትጣሏት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገጠማቸው። የጠራቸው ሠራተኛ "እንግዲህ ከመጡ አይቀር ይግቡና ስለ ሽያጭዎ ይንገሩኝ" አላቸው። እምቢ ማለት ጠብ ይመስላል፤ በግምት ቁጥር መናገር ደግሞ ኋላ ከደረሰኙ ጋር ሊጋጭ ነው። እሳቸው ገብተው ተቀመጡና "ስሜንና ሥራዬን እነግርዎታለሁ፤ ቁጥሩን ግን ደረሰኙን ይዤ ስመጣ ነው" አሉ። ቀጠሮው ወደ ማክሰኞ ተዛወረላቸው።

ለመሆኑ ሌላ ሰው ልኮ መገላገል አይቻልም ወይ? ወኪል የምትልኩ ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና ያስፈልጋል። መጥሪያው "በአካል" የሚል ከሆነ ደግሞ ወኪሉ ተቀባይነት ይኖረው እንደሆነ በዚያው ደብዳቤ ላይ ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አትወስኑ። መልስ ካልተሰጣችሁም ዝምታን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት። ስልክ ደውሉ፤ ሄዳችሁም ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ እንምጣ። የቀጠሮ ቀን ተለወጠ ማለት ሌላው ቀን ሁሉ ቆመ ማለት አይደለም። የማስታወቂያም ሆነ የመክፈያ ቀናችሁ እንደነበረ ይቀጥላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የቅሬታው ቀን ነው። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ፣ በግብር ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ውሳኔው ከደረሰው ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ያዛል።

አንድ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ የሆነባቸውን እንስማ። የግብር ውሳኔ ኅዳር 3 ቀን ደረሳቸው። ቀጥሎ "ስለ ውሳኔው ለመነጋገር ይቅረቡ" የሚል መጥሪያ መጣ። ቀጠሮውን ወደ ኅዳር 20 አስለወጡ፤ ኅዳር 20 ሲሄዱ ሠራተኛው ስብሰባ ላይ ስለነበረ ኅዳር 26 ተባሉ። እሳቸውም "ተነጋግረን እንጨርሳለን" ብለው በደስታ ተመለሱ። ኅዳር 26 ሲቀርቡ 21 ቀኑ ኅዳር 24 ላይ አልቋል! ቀጠሮው የመነጋገሪያ ቀጠሮ ነበር እንጂ ቅሬታቸውን አልተካላቸውም። ስለዚህ መጥሪያ ሲመጣ ከጀርባው ውሳኔ እንዳለ እዩ። ካለ ቅሬታው ለብቻው በሌላ ወረቀት በጊዜው ይግባ። ለቅሬታው ራሱ ተጨማሪ ጊዜ ካስፈለጋችሁም 21 ቀኑ ሳያልቅ፣ ከአገር ውጭ እንደመሆን ወይም እንደ ሕመም ያለ በቂ ምክንያት ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የክልል ግብር ከፋይ የሆናችሁ ደግሞ የክልላችሁን ሕግ ተመልከቱ።

ወደ ስፌት ቤቷ ወይዘሮ እንመለስና፣ ያቺ የተገኘች ሰኞ በከንቱ አላለፈችም። ደረሰኞቹን ሲደረድሩ ሁለቱ የጨርቅ ግዥዎች በእሳቸው ስም ሳይሆን በእህታቸው ስም የተቆረጡ ሆነው ተገኙ። ሐሙስ ዕለት ሳያዩ ይዘዋቸው ቢሄዱ ኖሮ ነገሩን የሚያገኘው ሠራተኛው ነበር። ማክሰኞ ሲቀርቡ ግን ሁለቱን ለይተው፣ ነገሩን ራሳቸው አስቀድመው ተናገሩ።